የዋሽንግተኑ የዕርቅ ሰነድ መንበሩን እንዴት አስታረቀ?

በአገር ቤትና በስደት በሚገኙት አባቶች መካከል በ2005 ዓ.ም. በዳላስ የተደረገው የዕርቅ ውይይት በአንድ ጥያቄ ላይ ተሰናከለ፤ አራተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ መንበራቸው ይመለሱ ወይስ አይመለሱ? ብዙም ሳይቆይ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ስድስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ፤ ጥያቄውም የባሰ ከበደ።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ የሁለቱ ወገን ልዑካን የፈረሙበት ስምምነት ግን ይህን ጥያቄ በፍርድ አልዘጋውም። ሥራውን ከፈለው እንጂ። አቡነ መርቆሬዎስ በክብር ወደ አገራቸው ተመልሰው በጸሎትና በቡራኬ እንዲያገለግሉ፣ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን እንዲመሩ፣ በቅዳሴም የሁለቱም ስም እንዲጠራ ተስማሙ። ከሁለቱም ወገን የተላለፈው ውግዘት ተነሣ።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው የስም መጠራቱ ነበር። ሌላው በጽሕፈት ቤት ሊቀር ይችል ነበር፤ የቅዳሴውን ግን ምእመኑ በጆሮው ይሰማው ነበር። ዲያቆኑ አንዱን ስም ቢዘል ስምምነቱ በዚያች ደብር እንዳልተፈጸመ ወዲያው ይታወቅ ነበር።

ፊርማው የማይደርስበትም አለ። በአሜሪካ ያሉ ብዙ አጥቢያዎች በየግዛቱ ሕግ ራሳቸውን ችለው የተመዘገቡ፣ ንብረታቸውም በቦርድ የሚተዳደር ነው። ስለዚህ የአባቶች ፊርማ ብቻውን ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ሀገረ ስብከት አያስገባውም፤ የአጥቢያው ጉባኤ ደግሞ መወሰን አለበት።

አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም በዚያው ኖሩ።