ቤቱ በእህት ስም፣ ክሱ በወንድም ላይ፦ ንብረት ሲታገድ ባለቤቱ ምን ማድረግ ይችላል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የንብረት ማስመለስ አዋጅን ካጸደቀ ወዲህ "መንግሥት ቤት ሊወርስ ነው" የሚል ወሬ አልቀነሰም። "መውረስ" የሚለው ቃል ደግሞ ለወላጆቻችን የ1967ቱን የትርፍ ቤት አዋጅ ያስታውሳቸዋል። የአሁኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት ይገባል፣ ማስረጃ ይቀርባል፣ ባለቤቱም መከራከር ይችላል። ጥያቄው በምን ይከራከራል የሚለው ነው።

በቅድሚያ እገዳንና ውርስን እንለይ። እገዳ ማለት ንብረቱ ያንተ እንደሆነ ይቆያል፣ ግን አትሸጠውም፣ አታስይዘውም፣ ስም አታዞርበትም። ዓቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት ያመለክታል፣ ትእዛዙም ለባንክና ለመሬት አስተዳደር ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ አይጠራም፤ ከተጠራ ገንዘቡን ያሸሻል ተብሎ ይታሰባላ። ለዚህ ነው ሰው መታገዱን የሚሰማው ባንክ መስኮት ላይ ቆሞ የሆነው። ውርስ ግን የመጨረሻው ውሳኔ ነው፤ ንብረቱ የመንግሥት ይሆናል።

አሁን መካነ ሰላም ላይ አንድ ቤት አለ እንበል። ምሳሌ ነው፣ የማንም ታሪክ አይደለም። ቤቱ የተሠራው በ3 ሚሊዮን ብር ነው፤ ካርታው ሳዑዲ በምትሠራ እህት ስም ነው። ግንባታውን የተከታተለው ወንድሟ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ወንድሙ በሙስና ተጠረጠረ፣ ቤቱም ታገደ።

"ካርታው በእኔ ስም ነው" ማለት ብቻውን አያድናትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 419 አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከገቢው በላይ ለሆነ ንብረቱ ምንጩን እንዲያስረዳ ይጠይቅ ነበር። በቅርብ ዘመድ ስም ያለ ንብረትም ለተከሳሹ የተያዘ ነው ብሎ ለማመን ምክንያት ካለ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ የተከሳሹ እንደሆነ ይገመታል። የሙስና ወንጀሎች በ2007 ዓ.ም. ወደ አዋጅ ቁጥር 881 ሲሄዱም፣ ምንጩ ያልታወቀ ንብረት መያዝ በዚያም ወንጀል ሆኖ ተቀመጠ። የ2017ቱ አዋጅ ደግሞ የወንጀል ጥፋተኝነት ሳይኖርም በንብረቱ ላይ ብቻ ክርክር እንዲካሄድ መንገድ ከፍቷል።

ስለዚህ እህት ማሳየት ያለባት ገንዘቡ ከእሷ እጅ ወጥቶ ቤቱ ውስጥ እስኪገባ ያለውን መንገድ ነው። የሥራ ውሏና የመኖሪያ ፈቃዷ ገቢ እንደነበራት ያሳያሉ። በባንክ የላከችበት ደረሰኝ ገንዘቡ አገር ውስጥ መግባቱን ያሳያል። የወንድሟ የባንክ መግለጫ ገንዘቡ የወጣበትን ቀን ይናገራል፤ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኙም ከዚያ ቀን ጋር መግጠም አለበት። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ዓቃቤ ሕግ የሚይዘው እዚያ ጋ ነው።

ወሎ ላይ የሚበጠሰው ደግሞ የት እንደሆነ እናውቃለን። ከ3 ሚሊዮኑ 1.8 በባንክ፣ የቀረው በሐዋላ ሰው ከመጣ፣ ለ1.2 ሚሊዮኑ ወረቀት የለም። ይባስ ብሎ "በሐዋላ ነው የላክሁት" ማለት ራሱ ሌላ ጥያቄ ይጠራል፤ ያለፈቃድ ገንዘብ ማስተላለፍ ሕገ ወጥ ነው። በሬ ሸጦ ለግንባታው የጨመረ አባትም ቢኖር ደረሰኝ አይኖረውም። እንዲህ ሲሆን የገዛውን ሰው፣ ደላላውን፣ ግንበኛውን በምስክርነት መጥራት ይቀራል። ቢያንስ በባንክ የመጣው ድርሻ ተለይቶ እንዲታይ መጠየቅ ይገባል፤ "ሁሉም የእኔ ነው" ብሎ ግማሹን ማስረዳት አለመቻል የቀረውንም ያስጠረጥራል።

አካሄዱስ? መጀመሪያ የእገዳውን ትእዛዝ ቅጂ ማግኘት፤ ላይ የመዝገብ ቁጥሩና የፍርድ ቤቱ ስም አለ። መዝገቡ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ እገዳው እንዲነሳ ወይም እንዲሻሻል ለዚያው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማመልከት። ቤተሰቡ የሚኖርበት ገንዘብ አብሮ ከታገደ ለኑሮ የሚሆነው እንዲለቀቅ መጠየቅም አለ። እህት መምጣት ካልቻለች ጅዳ ባለው ቆንስላ ወይም ሪያድ ባለው ኤምባሲ ውክልና ትላክ። ወንድሟ ስለ እሷ ይከራከርላት ማለት ግን አደገኛ ነው፤ ተጠርጣሪው እሱ ራሱ ነውና።

ቤቱን ከወንድምየው በገንዘቡ የገዛ ሌላ ሰውስ? እሱን የሚጠብቀው ቅን ልቦና ነው። ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ፣ ከወንጀል የመጣ መሆኑን ሳያውቅ መግዛቱን ማሳየት አለበት። የ3 ሚሊዮን ቤት በ800 ሺህ ብር የገዛ ሰው "አላወቅሁም" ቢል ማን ያምነዋል?

እኛን የሚያሳስበን ጊዜው ነው። የ2017ቱ አዋጅ ምንጩ ባልታወቀ ንብረት ላይ ወደኋላ እስከ 10 ዓመት ይመለሳል። በሞባይል ባንኪንግ የላክሽው ዛሬ ስክሪንሾት አለው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ለግንበኛ በእጅ የተቆጠረው ግን ምንም የለውም። የሰረቀ ባለሥልጣን ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ይቀጥራል። ሳዑዲ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ያላት ደረሰኟ ብቻ ነው፤ እሱም አሁን ወንድሟ ኪስ ውስጥ ከሆነ ትጠይቀው፣ ፎቶ አንስቶ ይላክላት።