ደመወዝ የሚቀንስ ጭማሪ

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት የምትሠራ ወዳጃችን በቅርቡ 100 ብር ተጨመረላት። መቶ ብር ዛሬ ምን ይገዛል አትበሉን፤ ጭማሪ ጭማሪ ነው። ወር ሲደርስ ግን እጇ የገባው ገንዘብ ከበፊቱ ከ400 ብር በላይ አንሶ ተገኘ። ሒሳብ ሹሙን ብትጠይቀው «እርከን ተሻግረሽ ነዋ፣ ግብሩ ጨመረ» አላት። እሷ አመነች። እኛ አላመንንም።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ መሠረት ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ብር ያለው ገንዘብ 25 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 14,000 ያለው ደግሞ 30 በመቶ ይከፈልበታል። ልብ በሉ፤ 30 በመቶው የሚነካው ከ10,000 በላይ ያለችውን ብር ብቻ ነው። ከተጨመረላት 100 ብር መንግሥት 30 ይወስዳል፣ 70ው የእሷ ነው። እርከን በመሻገር ብቻ ደመወዙ የሚቀንስበት ሰው በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ሒሳብ ሹሞች በአቋራጭ ነው የሚያሰሉት፦ ሙሉ ደመወዙን በመቶኛው ያባዙና ከታችኞቹ እርከኖች ላይ በትርፍ የተወሰደውን ለመመለስ አንድ ቋሚ ቁጥር ይቀንሳሉ። ለ25 በመቶ ቁጥሩ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350 ነው። የወዳጃችን ኤክሴል ግን እንዲህ ይላል፦

```
=B7*30%-850
```

መቶኛው የአዲሱ እርከን፣ ተቀናሹ የአሮጌው! ጡረታውን ለጊዜው እንተወውና እናስላው። በ10,000 ብር ግብሯ 1,650፣ የሚተርፋት 8,350 ነበር። በ10,100 ግብሯ 1,680 ሆኖ 8,420 ሊተርፋት ሲገባ፣ ይኼ ፎርሙላ 2,180 ቆርጦ 7,920 ሰጣት። በወር 500፣ በዓመት 6,000 ብር ማለት ነው።

የሚያስቆጨው ደግሞ ይኼ ነው። በዚያው ፎርሙላ 13,000 ብር የሚከፈለውም ሰው እኩል 500 ብር እየተቆረጠበት ነው። ግን ከመስመሩ ርቆ ስለቆመ አይታወቀውም። ጉዳቱ የሚታየው መስመሩን ገና ለተሻገረችው ብቻ ነው፤ እሷንም «እርከን ነው» ብለው ዝም አሰኟት።

ጠባችን ከተሳሳተው ሴል ጋር አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። ጠባችን ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ስንቱ ሰው «ግብር ይበላዋል» ብሎ ጭማሪ ሲሸሽ ሰምተናል! አፈ ታሪኩ ስህተቱን ይሸፍናል፣ ስህተቱም ተመልሶ አፈ ታሪኩን ያረጋግጣል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። 10,000ን በሁለቱም ፎርሙላ አስሉት፤ ሁለቱም 1,650 ካልሰጡ አንዱ ተሳስቷል። ከዚያ የደመወዝ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሒሳብ ክፍል ግቡ። «ሲስተሙ ነው» ቢሏችሁ፣ ሲስተሙ ውስጥ 850 ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ለሚቀጥለው ወር ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ ያለፉት ወራት 500 ብሮችም ይመለሱ።