ድምፁ አለን፤ መሣሪያውን በጋራ እንግዛ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር

ጉዳዩ፡- ለአዲሱ የኅብረ ዜማ ቡድን የሙዚቃ መሣሪያ መግዣ ገንዘብ እንዲፈቀድና የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ ለመዋጮ እንዲጠራ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣

ዘንድሮ ያቋቋምነው የኅብረ ዜማ ቡድን ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ይዟል። ከሳቢያን የሚመጣ አለ፣ ከገንደ ቆሬ የሚመጣ አለ፣ ደቻቱን ተሻግራ ከመጋላ የምትመጣም አለች። በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በሐረሪ ይዘምራሉ፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ግጥም ከእኔ ሳይሆን ከጓደኛው አፍ ነው የሚማረው። ልጆቹ አልጎደሉንም፣ ፍላጎቱም አልጎደለንም። የጎደለን ዜማውን ጸንቶ የሚይዝላቸው መሣሪያ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእርስዎ ነው፤ ነገር ግን በወላጆች ስብሰባ ፊት፣ በመምህራን ማረፊያና በቀድሞ ተማሪዎች ዘንድ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ። የምጠይቀው ነገር ከአንድ ቢሮ ብቻ የሚወጣ አይደለምና።

ችግሩ ምን እንደሆነ በቅርብ ላሳይዎት። ከሰዓት በኋላ ያለው ፈረቃ ሲለቀቅ ልጆቹ የቆርቆሮው ሙቀት ገና ያልበረደለት ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። የመነሻውን ድምፅ በአፌ እሰጣቸዋለሁ፤ ሬ ብለን እንነሳለን። የመጀመሪያው ስንኝ ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ላይ ሚ የምትባለዋ ድምፅ ትንሽ ትወርዳለች። አዝማቹ ሲደጋገም የወረደችው ሚ ሌሎቹንም ይዛ ትወርዳለች። መዝሙሩ ሲያልቅ በስልኬ ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ ስመለከት ከሬ የተነሳን ልጆች ዶ ላይ ደርሰናል፤ አንድ ሙሉ ድምፅ ወርደናል ማለት ነው። ከልጆቹ አንዳቸውም አላወቁም። አብረው ስለወረዱ ሁሉም የተስማሙ ይመስላቸዋል። የወረደው ድምፅ ደግሞ በመዝሙሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ይበልጥ ዝቅ ስለሚያደርገው ትንንሾቹ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል፣ ይተነፍሳሉ እንጂ አይዘምሩም።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ትንፋሽ ሲያልቅ ድምፅ ይወርዳል። ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ዜማ ሲደጋገም እያንዳንዱ እርምጃ ከሚገባው በላይ ይሰፋል። ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ወንዶች መካከል ደግሞ ድምፃቸው እየተለወጠ ያለ አሉ፤ ትናንት የደረሱበት ድምፅ ዛሬ እንቢ ይላቸውና ከአጠገባቸው ያሉትን ይጎትታሉ። ይህን በቁጣና በተደጋጋሚ ልምምድ ማስተካከል አይቻልም። ጆሮ የሚመለስበት የማይንቀሳቀስ ድምፅ ያስፈልገዋል። አንድ ወዳጄ ማሲንቆውን ይዞ መጥቶ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያንኑ አንድ ድምፅ እየሳበ ከሥራቸው ሲቆይላቸው፣ ያንኑ መዝሙር የጀመሩበት ቦታ ላይ ጨረሱት። ሌላ ምንም አልተለወጠም፤ ልጆቹ እነዚያው፣ ክፍሉም ያው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለት ባለ ስድስት አውታር ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ ሁለት ከበሮ፣ አንድ ኪቦርድ። የሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ክራሩ ለምን ሁለት እንደሆነ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ክራር በአንድ ጊዜ የሚቃኘው በአንድ ቅኝት ነው። በትዝታ ሲቃኝ አውታሮቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ስድስተኛው የዶ ከፍታ ነው። ቀጥሎ ያለው መዝሙር በአምባሰል ከሆነ ሬ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ሚ ወደ ፋ ይወጣል፣ ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ከአምስቱ ሦስቱ ተነቃነቁ ማለት ነው፤ ዶና ሶል ብቻ ባሉበት ይቀራሉ። አዲስ የተወጠረ አውታር ደግሞ ወዲያው አይረጋም፤ ተቃኝቶ ካለቀ በኋላም ለደቂቃዎች እየላላ ይወርዳል። በዚህ መሃል ልጆቹ መድረክ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ወይም ያልረጋ ክራር ተከትለው ይሳሳታሉ። ሁለት ክራር ካለ አንዱ በትዝታ፣ ሌላው በአምባሰል ወይም በባቲ ተቃኝቶ ይጠብቃል። አጃቢዎቹም ተማሪዎች ይሆናሉ፤ ድምፁ በመለወጥ ላይ ያለ ልጅ ከቡድኑ ከሚቀነስ ክራሩን ይያዝ።

ኪቦርዱ 61 ቁልፍ ያለው፣ ቁልፎቹ የሙሉ መጠን የሆኑና በባትሪም የሚሠራ መሆን አለበት። መብራት ሲጠፋ ልምምድ እንዳይቆም ነው። ጠባብ ቁልፍ ያላቸው የልጆች መጫወቻዎች ዋጋቸው ይስባል፤ ጣት ግን ያበላሻሉ። ከሁሉ በላይ የምፈልገው አንድን ዜማ በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን አገልግሎት ነው። በካሴት የምናውቃቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ በአዋቂ ወንድ ድምፅ ልክ የተቀዱ ናቸው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በዚያው ከፍታ ልዝፈን ቢል የታችኛው ድምፅ አይደርስለትም፤ በአንድ እጥፍ ከፍ አድርጎ ቢሞክር ደግሞ ላይኛው ላይ ይጮኻል። ለእነዚህ ልጆች የሚመቸው ከመካከለኛው ዶ ቀጥሎ ካለው ሬ እስከ ላይኛው ሬ ያለው ስፋት ነው። ዜማውን ወደዚያ አምጥቶ መስጠት የእኔ ሥራ ነው፤ ለዚህም መሣሪያ ያስፈልገኛል።

አንዳንድ ወላጆች ሞንታርቦና ማይክ ቢገዛ ይሻላል ብለውኛል። በጎ አስበው ነው፤ በበዓል ቀን ሜዳ ላይ ስለማይሰማ ነው። እኔ ግን ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ሞንታርቦ እንዳይገዛበት አጥብቄ እለምናለሁ። የተቀዳ ሙዚቃ በሞንታርቦ ሲለቀቅ ልጆቹ ራሳቸውን መስማት ያቆማሉ። መስማት ያቆመ ልጅ ለመሰማት ይጮኻል፣ ጉሮሮው ይሻክራል፣ በማግስቱ ድምፁ ተዘግቶ ይመጣል። ሞንታርቦ ለአንድ ቀን መከራየት ይቻላል። ጆሮን ግን የሚከራዩበት ቦታ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚሠራው።

ስለ ጥበቃውም አስቤያለሁ። የድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ እንጨት ያደርቃል፣ ሙጫ ያስለቅቃል። ክራር መስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሳጥኑ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከመታየቱ በፊት ምልክቱ አውታሩ ሲመታ የሚሰማ መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወፍራም የጨርቅ ቦርሳ፣ ለሁሉም አንድ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ያስፈልጋል። መሣሪያዎቹ በሞዴል 19 የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆነው ገቢ ይደረጉ፤ ነገር ግን እዚያው ንብረት ክፍል ተቆልፎባቸው እንዳይቀሩ በሞዴል 22 በእኔ ስም ወጪ ሆነው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡ። የጠፋውንና የተሰበረውን እኔ እጠየቅበታለሁ። ንብረት ክፍሉ የተጠያቂነት ፍርሃት እንዳለበት አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ማንም ስላልነካው ሳይሰበር የከረመ ክራር ለአንድ ልጅም አልጠቀመም።

አሁን ወደ ጥሪዬ ልምጣ። በዚህች ከተማ ልጆች ዘፈን የጀመሩት በጀት ተይዞላቸው አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ድሬዳዋ አፍራን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ሲነሳ ጀማሪዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ በሰርግና በበዓል ላይ ነበር የሚጫወቱት። በአፋን ኦሮሞ መዝፈን በራሱ በጥርጣሬ የሚታይበት ዘመን ስለነበር ቡድኑ እስከ መታገድ ደርሷል። በአሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ የነበረ አንድ ልጅ እዚያ ገብቶ መዝፈን ጀመረ፤ በመጀመሪያ በዘፈነው ዜማም አሊ ቢራ ተባለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ያለቀሰለት ሕዝብ ምን ያህል እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ ልጅ የዛሬ ተማሪዎቻችን እኩያ ነበር። የሚገባበት ቡድን ስላገኘ ገባ። ዛሬ ማንም አይከለክለንም፤ በሩን ከፍተን መሣሪያውን ማቅረብ ብቻ ነው የቀረን። ይህንንስ ያቅተናል?

እንግዲህ እንነሳ። ወላጆች፣ የ"ትምህርት ለትውልድ" ንቅናቄ ሲጠራችሁ ለወንበርና ለቀለም እንዳዋጣችሁ አሁን ለዜማም አዋጡ። ገንዘብ ያልተረፋችሁ፣ ስፌት የምትችሉ ቦርሳዎቹን ስፉልን፤ እንጨት የምትሠሩ ቁም ሣጥኑን ሥሩልን። ባልደረቦቼ መምህራን፣ ከልምምድ ሰዓት ጋር የሚጋጭ ማጠናከሪያ ካላችሁ ቀኑን አብረን እንቀይር፤ ልጁን በሁለታችን መካከል አንጎትተው። የአሸዋና የታይዋን ነጋዴዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በዚህ ግቢ ውስጥ ተምራችኋል፤ ኪቦርዱን በጋራ ያዙት። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለእረፍት ስትመጡ የክራር አውታርና የማሲንቆ ጭራ ሳይሆን፣ እነሱ እዚሁ ስለሚገኙ፣ የኪቦርዱን ድርሻ ይዛችሁልን ኑ። ክራር የሚችሉ አባቶችና እናቶች፣ በሳምንት አንድ ሰዓት መጥታችሁ ከልጆቹ አጠገብ ተቀመጡ፤ ይህ ከገንዘብ ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ከተማሪ በግዴታ አንድ ሳንቲም አይሰበሰብ። መዋጮ ያልከፈለ ልጅ ከቡድኑ የሚወጣ ከሆነ ቡድኑ ባይኖር እመርጣለሁ። የሚገባው ገንዘብ ሁሉ በትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ይግባ፤ ገቢውና ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፍ።

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ከእርስዎ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ የሁለቱን ክራርና የማሲንቆውን ዋጋ አሁኑኑ እንዲፈቅዱልን። እነዚህ ቀድመው ከተገዙ ልምምዱ ኪቦርዱን ሳይጠብቅ ይቀጥላል፤ ሕዝቡም ትምህርት ቤቱ ራሱ ቀድሞ እጁን እንደዘረጋ አይቶ ይከተላል። ሁለተኛ፣ የቀረውን የኪቦርድ፣ የከበሮና የቁም ሣጥን ወጪ በሚቀጥለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ የመጀመሪያ አጀንዳ እንዲያደርጉልን። በዚያ ቀን ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። አንዱን መዝሙር ያለ መሣሪያ፣ ቀጥሎ ያንኑ በተዋስነው ማሲንቆ ይዘምሩታል፤ ልዩነቱን ወላጆች በራሳቸው ጆሮ ሰምተው ይወስኑ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሙዚቃ መምህሩ

አባሪ፡- 3 ፕሮፎርማ

ግልባጭ፡-
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት
ለንብረት ክፍል
ለኪነ ጥበብ ክበብ
ለቀድሞ ተማሪዎች