አዲስ ስሪት በመጀመሪያ ለስንት ሰው ይለቀቅ? ስለ ደረጃ በደረጃ ልቀትና ስለ ክራሽ ክትትል

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለደህንነት ሶፍትዌሩ አንድ አነስተኛ የይዘት ዝማኔ ለቀቀ። ስህተቱ ታውቆ ዝማኔው የተሳበው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነበር። በማይክሮሶፍት ግምት በዚያች አጭር ጊዜ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ከሥራ ውጪ ሆነዋል። የሶፍትዌር ስህተት በየትኛውም ተቋም የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ጥፋቱን ያገዘፈው ዝማኔው በአንድ ጊዜ ለሁሉም መድረሱ ነበር። ኩባንያውም ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉ ዝማኔዎችን ደረጃ በደረጃ እንደሚለቅ አስታውቋል።

ደረጃ በደረጃ መልቀቅ ማለት አዲሱን ስሪት በመጀመሪያ ለጥቂት ተጠቃሚዎች ሰጥቶ፣ በእነርሱ ስልክ ላይ ስንት ጊዜ በድንገት እንደሚዘጋ እያዩ ቀስ በቀስ ማስፋት ነው። ጎግል ፕሌይ ይህን ዕድል ለማንኛውም አልሚ ይሰጣል። አልሚው መቶኛውን ይወስናል፤ ተጠቃሚዎቹ በዕጣ ይመረጣሉ። ይህ የሚሠራው ግን ቀድሞ ለታተመ መተግበሪያ ዝማኔ እንጂ ለመጀመሪያ ስሪት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ከ1 በመቶ ጀምር» የሚል ነው። ይህ ምክር በሚሊዮን የሚቆጠር ተጠቃሚ ላለው ድርጅት የሚስማማ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ላለ አነስተኛ አልሚ ግን ከጥቅሙ ይልቅ የሚያሳስት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በጉለሌ፣ ዊንጌት አካባቢ የሚሠራ አንድ አልሚ የዕቁብ መመዝገቢያ መተግበሪያ አለው እንበል። ተጠቃሚዎቹ 4,000 ናቸው። በአዲሱ ስሪት ቀኖችን ለማስላት `java.time.LocalDate` የተሰኘውን ክፍል ተጠቀመ። ይህ ክፍል በአንድሮይድ ውስጥ የተካተተው ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ነው። አልሚው መተግበሪያውን ሲገነባ ለቀደሙት ስልኮች የሚሆነውን ማሟያ ካላከለ፣ በአንድሮይድ 7 ላይ መተግበሪያው ገና ሲከፈት `NoClassDefFoundError` ብሎ ይዘጋል። አልሚውና ጓደኞቹ የሞከሩባቸው ስልኮች አዳዲሶች ስለሆኑ ስህተቱ አልታያቸውም። ከተጠቃሚዎቹ 2 በመቶው፣ ማለትም 80 ሰዎች፣ አሮጌ ስልክ ይዘዋል እንበል።

አልሚው ከ1 በመቶ ቢጀምር ስሪቱ ለ40 ሰዎች ይደርሳል። የዳታ ዋጋ የሚያሳስበው ተጠቃሚ ዝማኔን ዋይፋይ እስኪያገኝ ስለሚያቆይ፣ በመጀመሪያው ቀን ግማሾቹ ብቻ አውርደው ከፈቱት ብንል የተገኙት 20 ሰዎች ናቸው። ከሃያ ሰዎች መካከል አንድም የአሮጌ ስልክ ባለቤት ያለመኖሩ ዕድል 0.98 በራሱ 20 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ይህም 67 በመቶ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን አልሚው ንጹሕ ሰሌዳ አይቶ «ደኅና ነው» በማለት ለሁሉም ይለቃል። ጥንቃቄ ያደረገ መስሎት ሰማንያውንም ሰዎች ይጎዳል።

ከ10 በመቶ ቢጀምር ግን ስሪቱ ለ400 ሰዎች ይደርሳል፤ 200ዎቹ በመጀመሪያው ቀን ይከፍቱታል። ከእነዚህ መካከል 4 ሰዎች በዚህ ስህተት እንደሚመቱ ይጠበቃል፤ አንድም ያለመገኘቱ ዕድል ከ2 በመቶ በታች ነው። የቀድሞው ስሪት የሚዘጋው ከ200 ሰዎች በአንዱ ላይ ብቻ ከነበረ፣ አሁን አምስት መታየቱ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። ከዚህ ቀላል ስሌት ይገኛል፤ አልሚው ሊያመልጠው የማይፈልገው ስህተት ከመቶ ሁለቱን የሚመታ ከሆነ፣ 3ን ለ0.02 ሲያካፍል 150 ያገኛል። አዲሱን ስሪት የከፈቱ ቢያንስ 150 ሰዎች ሳይኖሩ «አልዘጋም» ማለት ባዶ ቃል ነው። ስለዚህ መለኪያው መቶኛው ሳይሆን ስሪቱን በእርግጥ የከፈቱት ሰዎች ቁጥር ሊሆን ይገባል።

የክራሽ መጠኑን አነባበብም ጥንቃቄ ይሻል። ጎግል ፕሌይ በቀን ከሚጠቀሙት ሰዎች 1.09 በመቶው ክራሽ ካጋጠማቸው መተግበሪያውን ጥራቱ የወረደ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ ወሰን ግን የሚሰላው በ28 ቀን አማካይ ስለሆነ፣ ትናንት ለተለቀቀ ስሪት የማስጠንቀቂያ ደወል ሊሆን አይችልም። ተጠቃሚው ጥቂት ሲሆንም የመደብሩ ሰሌዳ ቁጥር ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ አልሚው እንደ ክራሽሊቲክስ ያለ መሣሪያ በመተግበሪያው ውስጥ አካቶ አዲሱን ስሪት ከቀድሞው ጋር፣ በአንድሮይድ ስሪትና በስልክ ዓይነት ከፋፍሎ ማወዳደር አለበት። በምሳሌው አጠቃላይ መጠኑ 2.5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በአንድሮይድ 7 ላይ ግን መተግበሪያው የከፈተውን ሁሉ ይዘጋበታል። አማካዩ የሚሸፍነውን ክፍፍሉ ይገልጠዋል። ከዚህም ሌላ የክራሽ ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚላከው መተግበሪያው እንደገና ሲከፈትና ኢንተርኔት ሲገኝ ነው። ዳታውን አጥፍቶ የሚውል ነጋዴ ጠዋት የገጠመው መዘጋት ማታ ሊሰማ ይችላልና፣ ከአንድ ሙሉ ቀን በፊት ማስፋት አይገባም።

ስህተቱ ሲታይ ልቀቱን ማቆም የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ሆኖም ማቆም ማለት መመለስ አይደለም። አዲሱን ስሪት ያወረዱት ሰዎች ይዘውት ይቀራሉ። እነርሱን የሚደርስላቸው ከፍ ያለ `versionCode` ያለው የታረመ ስሪት ብቻ ነው። ይህም ስሪት መጀመሪያ ከእነርሱ መካከል አሮጌ ስልክ ለያዙት ቢበዛ ስምንት ያህል ሰዎች መፍትሔ ይሆናል፤ ያለ ደረጃ ቢለቀቅ ኖሮ መፍትሔውን የሚጠብቁት ሰማንያ ነበሩ።

የክራሽ ቁጥር የማያየው ስህተት መኖሩም ሊዘነጋ አይገባም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ሌሊት የዚህ ዓይነት ነው። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ዝማኔ ጋር የተያያዘ እክል መሆኑን ገልጿል፤ የወጣውም ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ክፍያው እየሄደ ነበርና ሲዘጋ የሚቆጥር መሣሪያ ብቻውን ምንም አይናገርም ነበር። የዕቁቡ አልሚም እንዲሁ በየቀኑ የሚመዘገበውን ክፍያ ብዛትና ድምር ከቀድሞው ስሪት ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። ደግሞም አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም በነሐሴ ሲለቀቅ በሁሉም ደረጃ በሰላም አልፎ ጳጉሜን 1 ቀን ሊወድቅ ይችላል። ይህን የሚይዘው የስልኩን ቀን ወደፊት አዙሮ መሞከር እንጂ ደረጃ በደረጃ መልቀቅ አይደለም።

ደረጃ በደረጃ መልቀቅን የሚተቹ አሠራሩ ሥራ ያዘገያል ይላሉ። እውነት ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ያዘገያል። ይሁንና ወጪው ይኸው ብቻ ነው፤ መቆሚያው ወሰንም ስሪቱ ከመውጣቱ በፊት ከተጻፈ ውሳኔው ክርክር አይጠይቅም። ለዊንጌቱ አልሚ ወሰኑ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ በ10 በመቶ መጀመር፤ 200 ሰዎች እስኪከፍቱትና ሙሉ ቀን እስኪያልፍ መጠበቅ፤ በየትኛውም የአንድሮይድ ስሪት ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ምክንያት ከተዘጋባቸው ያለ ማመንታት ማቆም፤ ካልሆነ ወደ 50 በመቶ፣ ቀጥሎም ወደ ሁሉም ማስፋት።