«እስኪ ይብረድ» የተባለ አቤቱታ ስንት ያስወጣል?

ቡና ላኪ ነጋዴ ቀን ቆጣሪ ነው። የውጭ ገዢው የከፈተለት ሌተር ኦፍ ክሬዲት መቼ እንደሚያልፍበት፣ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ መቼ መድረስ እንዳለበት፣ የባንክ ዕዳው የሚከፈልበት ቀን መቼ እንደሆነ በቃሉ ይዞታል። አንድ ቀን ማለፉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ገበያው አስተምሮታልና። ይኸው ነጋዴ ግን በማበጠሪያው የምትሠራ ሴት «አለቃዬ አላስቀምጥ አለኝ» ብላ አቤቱታ ስታስገባ ቀን መቁጠሩን ይረሳል። «እስኪ ይብረድ» ይላል። ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል፤ ወይም ሁለት ሽማግሌ ይላካል። አቤቱታውም ቀን የተቆረጠለት ሰነድ መሆኑን የሚነግረው አይገኝም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። ትንኮሳ ለመባል እጅ መጫን አያስፈልግም። አንዱ ሌላውን ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እንዲተባበረው በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለማግባባት መሞከሩ ይበቃል። ኃይል ከተጨመረበት ወይም በኃይል ከተሞከረ ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል። ክልከላው በአንቀጽ 14 ሥር አሠሪውንም፣ የሥራ መሪውንም፣ ተራ ሠራተኛውንም ይይዛል። አዋጁ ግን አሠሪው አቤቱታውን በምን ደረጃ እንደሚመረምር አንድ በአንድ አይዘረዝርም። ብዙ ባለሀብቶች «ሕጉ ምን አድርግ አለኝ?» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። መልሱ ያለው አዋጁ በሚቆጥራቸው ቀኖች ውስጥ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለ አንድ የቡና ማበጠሪያ ይታሰብ። የሚዛን ጸሐፊዋ ቋሚ ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ደመወዟ በወር 6,000 ብር፣ ለስሌት እንዲመች በቀን 200 ብር ነው። የፈረቃ ተቆጣጣሪዋ ማታ ማታ ይደውልላታል፤ መልእክት ይልክላታል። የሌሊት ፈረቃና የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚደለደለው በእሱ እጅ መሆኑንም እያነሳ ያስታውሳታል። አንድ ሰኞ ጠዋት ለአስተዳደር ክፍሉ በጽሑፍ አመለከተች።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሁለት ሰዓቶች መቁጠር ይጀምራሉ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የአሠሪው ነው። በአንቀጽ 14 የተከለከለውን ተግባር የፈጸመ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ይሁንና አሠሪው ይህን መብቱን የሚያጣው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንስቶ 30 የሥራ ቀናት ሲያልፉ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ድርጅት ይህ አምስት ሳምንት መሆኑ ነው። «ያወቅሁት ምርመራው ሲያልቅ ነው» ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ጠንቃቃ አሠሪ ግን የሚቆጥረው ወረቀቱ ከገባበት ሰኞ ጀምሮ ነው። ሽማግሌ ሲመላለስ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ጥፋቱ ፍጥጥ ብሎ ቢወጣ እንኳ፣ የተሰናበተው ተቆጣጣሪ ቀኑን ብቻ ይዞ ፍርድ ቤት ሊሄድና ባለቤቱን ሊረታ ይችላል። በትንኮሳ የተከሰሰ ሰው ከሳሽ ሆኖ ሲያሸንፍ ማየት ለሌሎቹ ሠራተኞች ምን እንደሚያስተምር መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ሰዓት የእሷ ነው። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ የተፈጸመበት ሠራተኛ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። «ታገሺ፣ እናስታርቃችኋለን» የሚለው ምክር ሁለት ሳምንት ተኩል ሲጎተት መብቷን ይበላባታል። ይህን አውቆ ሆን ብሎ የሚያጓትት ባለቤት አይጠፋም። ብልጠት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሴትየዋ አሁንም በግቢው ውስጥ አለች፣ ተቆጣጣሪውም አለ፣ አቤቱታውም አለ። በጽሑፍ የደረሰውን አቤቱታ ደግሞ «አላየሁም» ሊል አይችልም።

ታዲያ በእነዚያ አምስት ሳምንታት ውስጥ ምን ይሠራ? ሰኞ ዕለት አቤቱታው በመዝገብ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ይመዘገባል፤ ቅጂው ለእሷ ይሰጣል። በቃል ብቻ ያመለከተች ከሆነች የተናገረችው በጽሑፍ ሰፍሮ ይነበብላትና ትፈርማለች። በዚያው ቀን ሁለቱ ይለያያሉ። እዚህ ላይ አብዛኛው ድርጅት ይሳሳታል፤ «ለአንቺው ደኅንነት» ብሎ እሷን ወደ ሌላ መጋዘን ያዛውራል። መንገዱ ይረዝምባታል፣ ትርፍ ሰዓቱ ይቀርባታል፤ ያመለከተችው እሷ ስትሆን የተቀጣችውም እሷ ትሆናለች። መነሳት ያለበት ተቆጣጣሪው ነው፤ እሱም ደመወዙ ሳይነካ፣ ገና ጥፋተኛ አልተባለምና። የኅብረት ስምምነት ያለበት ድርጅት ስለ እገዳ የተጻፈውን ቀድሞ ማንበብ አለበት።

ቀጥሎ ማስረጃ ይሰበሰባል፤ ይህ የሚያጣድፍ ሥራ ነው። የበር ካሜራ ምስል ማከማቻው ሲሞላ በአዲስ ይሸፈናል፤ በብዙ ቦታ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይቆይም። የፈረቃ ድልድሉ፣ የጥበቃው የመግቢያና የመውጫ መዝገብ፣ በስልኳ ያለው መልእክት ከነቀኑና ከነሰዓቱ በመጀመሪያው ሳምንት መያዝ አለባቸው። ትንኮሳ ምስክር ባለበት አይፈጸምም እየተባለ ነገሩ ገና ሳይመረመር ይዘጋል። እውነት ነው፣ ያየ ሰው ላይኖር ይችላል። ነገር ግን በዚያኑ ሰሞን ለእህቷ ወይም ለሥራ ባልደረባዋ የነገረችው፣ እምቢ ባለች ማግሥት የተለወጠው ድልድል፣ ከዚህ በፊት ከዚያው ፈረቃ ሳይታሰብ የለቀቁ ሴቶች የሚሰጡት ቃል አንድ ላይ ሲቀመጡ ብዙ ይናገራሉ።

መርማሪዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቢሆኑ ይበቃል፤ ከመካከላቸው ሴት ትኑር፣ ለተቆጣጣሪው የሚታዘዝ ወይም ዘመዱ የሆነ አይኑር። በቤተሰብ በሚተዳደር ድርጅት ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም፤ ተቆጣጣሪው ራሱ የባለቤቱ የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላልና። እንዲያ ሲሆን ከውጭ ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ መጨመር ይሻላል። ለተቆጣጣሪው የተባለው ነገር ቀኑና ቦታው ተጠቅሶ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ መልስ የሚያዘጋጅበት ጥቂት ቀንም ያገኛል። ሁለቱን ፊት ለፊት አቀማምጦ ማጠያየቅ የሽማግሌ ልማድ ነው፤ ለምርመራ አይበጅም፤ የበታቹ ባለቃው ፊት ሁሉን አይናገርም። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የምርመራው ውጤት በጽሑፍ ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ፣ ለመወሰን አንድ ሳምንት ይተርፈዋል።

«የሐሰት ክስ ቢሆንስ?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። የሰው ስም በአንድ ወረቀት መበላሸት የለበትም። ግን የሐሰቱን ክስ ከእውነተኛው የሚለየው ይኸው ምርመራ ነው። ነገሩን በሽምግልና ያለዘበ ድርጅት ንጹሑን ተቆጣጣሪም ዕድሜ ልኩን በሐሜት ያኖረዋል።

ሌላ የሚያጨቃጭቅ ነጥብ የተቆጣጣሪው ማንነት ነው። ሠራተኛ ነው ወይስ የሥራ መሪ? «የፈረቃ አለቃ» መባሉ ብቻ የሥራ መሪ አያደርገውም፤ ሕጉ የሚያየው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም ሠራተኛ የመደልደል ሥልጣን ይኑረው አይኑረው ነው። የሥራ መሪ ከሆነ የእሱ ስንብት በአዋጁ ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል፤ የ30 ቀኑም ስሌት ለእሱ አይሠራም። በሌላ በኩል እሷ በትንኮሳ ምክንያት ለቅቃ ካሳ የመጠየቋ መብት ያን ጊዜ ጥርት ይላል። ባለቤቱ ችሎት ቀርቦ «እሱ ተራ ሠራተኛ ነው» ቢል፣ ሰው እንዲደለድልና እንዲቀጣ ሥልጣን የሰጠበት የራሱ ደብዳቤ ተቃራኒውን ሊመሰክርበት ይችላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጸሐፊዋ በሥራ መሪ ትንኮሳ ምክንያት በቀኑ ውስጥ ከለቀቀች፣ የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ማለትም 6,000 ብር፣ ለሁለተኛው ዓመት የዚያ ሲሶ 2,000 ብር ነው። በዚህ ላይ ካሳ ይጨመራል። ሠራተኛ በሌላ የአሠሪ ጥፋት ሲለቅ ካሳው የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን በትንኮሳ ሲሆን ግን 90 ቀን ነው፤ 18,000 ብር። ድምሩ 26,000 ብር ይሆናል።

ባለቤቱ ተናድዶ እሷን ካሰናበተስ? አዋጁ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም በክርክር መሳተፍ ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ መመለስ ካልፈለገ ካሳ ይወስዳል። የሥር ፍርድ ቤት መመለሷን ሲወስን እስከ ስድስት ወር፣ ይግባኝ ሰሚው ሲያጸናው እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊያዝላት ይችላል፤ እዚህ እስከ 72,000 ብር ማለት ነው። አልመለስም ካለች የ180 ቀን ደመወዝ 36,000፣ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ 12,000፣ ስንብቱ 8,000፤ በድምሩ 56,000 ብር። ለቡና ላኪ ይህ የአንድ ኮንቴይነር ወሬ እንኳ አይሆንም ይባል ይሆናል። ግን ደመወዟ 30,000 ብር የሆነ የሒሳብ ሹም ብትሆን ቁጥሩ በአምስት ይባዛል።

በቀል ግን ሁልጊዜ በስንብት ደብዳቤ አይመጣም። ብልህ ተቆጣጣሪ አያባርርም፤ ያደክማል። ትርፍ ሰዓት ይቀንሳል፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ያወርዳል፣ በጊዜያዊ ውል ያለችውን ውሏ እንዳይታደስ ያደርጋል። ይህን የሚያጋልጠው የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ነው። ባለቤቱ ከአቤቱታው በፊት የነበረውን የሦስት ወር ዝርዝር ከኋላው ሦስት ወር ጋር ያስተያይ፤ በዚያው ፈረቃ ካሉ ሌሎች የሚዛን ጸሐፊዎችም ጋር ያመሳክር። የሁሉም ትርፍ ሰዓት ከቀነሰ ሰሞኑ ቡና አልገባም ማለት ነው። የእሷ 40 ሰዓት ወደ 6 ወርዶ የሌሎቹ ባለበት ካለ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ምስክር ሆነው ቃል የሰጡት ሁለት ለቃሚዎችም ስማቸው በዚያው ዝርዝር ውስጥ ይፈለግ፤ ከእሷ ይልቅ ቶሎ የሚጠፉት እነሱ ናቸው፣ የቀን ሠራተኛን ለማሰናበት ደብዳቤ እንኳ የሚጽፍ የለምና።