ሱስ ከተተወ በኋላ ሐራራ ስለ ምን ይመለሳል?

አንድ ሰው ጫት መቃም ትቶ ስምንት ወር ከቆየ በኋላ ተመልሶ ሲጀምር ያየነው እንደ ሆነ፣ «ቃሉን የማይጠብቅ፣ ልበ ደካማ ነው» ብለን እንፈርድበታለን። እኔ ግን ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም እላለሁ። ሰውዬው የተሸነፈው ፈቃዱ ስለ ላላ ብቻ ሳይሆን፣ አንጎሉ አንድ ጊዜ ጠንቅቆ የተማረውን ትምህርት ስላልረሳ ነውና።

በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ቁጥራቸው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ረጃጅም ክሮቻቸውን ወደ ፊተኛው አንጎል ይዘረጋሉ። ብዙ ሰዎች ዶፓሚንን የደስታ ምንጭ ይሉታል። ዳሩ ግን ዋና ሥራው ማስተማር መሆኑን ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉት የነርቭ ሊቅ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ ገልጠዋል።

ጦጣዪቱ ሳታስበው የፍራፍሬ ጭማቂ ጠብ ሲልላት፣ እነዚህ ሕዋሳት ወዲያው ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት ምልክት እየታየ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ግን፣ ጭማቂው ሲመጣ ጸጥ ብለው ምልክቱ ሲታይ ይነቃሉ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ጭማቂው ሊመጣ በሚገባው ቅጽበት እንቅስቃሴያቸው ከዘወትሩ በታች ይወርዳል። እንግዲህ ዶፓሚን እንደ መምህር ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ከተጠበቀው የበለጠውንና ያነሰውን ብቻ ያመለክታል። እንደ ተጠበቀው የሆነው ነገር ምልክት አያሻውም፤ ትምህርቱ ተፈጽሟልና።

አደንዛዥ ዕፆች የሚያበላሹት ይህን ሥርዐት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚኑ ከሕዋሱ ጫፍ እንዲፈስ ያደርጋል፤ ኮኬይን የፈሰሰው ተመልሶ እንዳይሰበሰብ መንገዱን ይዘጋል፤ ሄሮይን ደግሞ ዶፓሚን አመንጪዎቹን የሚገቱትን ሌሎች ሕዋሳት ያደነዝዛል። መንገዳቸው ቢለያይም ፍጻሜያቸው አንድ ነው። ምግብ ሲለመድ ዶፓሚኑ ጸጥ ይላል፤ ዕፅ ግን ዶፓሚኑን በራሱ ኀይል ስለሚያወጣው፣ ቢለመድም እንኳ «ከጠበቅኸው ይበልጣል» የሚለው የሐሰት ምልክት አያቋርጥም። ስለዚህ ትምህርቱ ፍጻሜ የለውም፤ በዙሪያው ያለውም ነገር ሁሉ አብሮ ይጻፋል።

ምሳሌ የሚሆነን ከቀትር በኋላ ከባልንጀሮቹ ጋር ይቅም የነበረ አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው እንበል። ሰዓቱ፣ የእጣኑ ሽታ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው እስር፣ የወዳጁ ድምፅ፣ ሁሉም ለእርሱ እንደ ጦጣዪቱ ምልክት ሆነዋል። ያቆመ ሰሞን የሚሰማው ድካምና ድብርት ከጊዜ በኋላ ይለቀዋል፤ የተማረው ግን አይለቀውም። ከስምንት ወር በኋላ በዚያ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ፣ እርሱ ሳያስብ ዶፓሚኑ ይነሣል፤ ሐራራም የምንለው ይህ ነው። ጫቱን እንኳ ሳይወደው ሊመኘው ይችላል፤ መውደድና መመኘት በአንጎል ውስጥ አንድ አይደሉምና።

ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነን የአሜሪካ ወታደሮች ታሪክ ነው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) ከቬትናም ከተመለሱት ወታደሮች መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል በዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኞች እንደ ነበሩ ሊ ሮቢንስ የተባሉት ተመራማሪ አረጋገጡ። ዳሩ ግን አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከእነዚሁ ሱሰኞች ከመቶው 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በአንጻሩ በኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን በነበረው የመንግሥት ሆስፒታል ታክመው ወደ ቀድሞው ሰፈራቸው ከተመለሱት ሱሰኞች አብዛኞቹ እንደገና ጀመሩ። ወታደሮቹ ከጦርነቱ ጭንቀትና ከርካሹ ሄሮይን ስለ ተለዩም ነው፤ ሆኖም ምልክቶቹን ሁሉ ከባሕር ማዶ ትተው መምጣታቸው ትልቅ ድርሻ እንዳለው አምናለሁ።

ከዚህ የምደርስበት አሳብ እንዲህ ነው። ሱሰኛን ከሰፈሩ አርቆ ማሳከምና ወደዚያው ሰፈር ብቻውን መልሶ መላክ በቂ አይደለም። ምልክቱ ዕፅ ሳይከተለው ሲደጋገም የሚገኘው አዲስ ትምህርት አሮጌውን አይፍቀውም፤ በላዩ ይጻፋል እንጂ፤ ይኸውም በይበልጥ የሚጸናው በተማረበት ስፍራ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት መንገዱንና የከሰዓት ውሎውን ይለውጥ፤ በኋላም ወደ ቀድሞው ስፍራ ከሚያምነው ሰው ጋር እየሄደ ይልመድ። ሐራራው ሲነሣ ጥቂት ቢታገሡት የሚበርድ ማዕበል መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። ቤተ ሰብም «ዳነ» ብሎ በፊቱ ጫት አይዘርጋ። ይህ ማለት ሰውዬው ኀላፊነት የለበትም ማለት አይደለም፤ ኀላፊነቱ የሚጀምረው ግን ከደጃፉ ላይ ሳይሆን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ከሚመርጥበት ሰዓት ነው።