«86» የልጁ ስም አይደለም

ታላቅ ወንድሜ ሲኒማ ራስ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አለው። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፣ አራተኛ ክፍል ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ይውላል። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ሜትሩ 340 ብር ከሆነ ጨርቅ ሰባት ሜትር አስቆርጣ 3,000 ብር ሰጠች። እኛ ስልካችንን ከኪስ ሳናወጣ ልጁ «620 መልሱላት» አለ። ይኸው ልጅ በሂሳብ ፈተና ያመጣው ከመቶ 31 ነው።

ትምህርት ቤቱ «አስመርምሩት» አለ። ወንድሜም ከፍሎ አስመረመረው። የመጣው ወረቀት ላይ ከሁሉ በላይ በደማቁ የተጻፈው «አይኪው 86» የሚለው ነበር። ማታ ደወለልኝ። «አንተ ሳይኮሎጂ ተምረሃል፤ ልጄ ደደብ ነው ማለት ነው?» አለኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሙሉውን ወረቀት በቴሌግራም ላክልኝ» አልኩት።

ልጁ የተፈተነው ዌክስለር በሚባለው የልጆች ፈተና ነው፤ በእንግሊዝኛ። በዚህ ፈተና 100 ማለት የአንድ እኩያ አሜሪካዊ ልጅ አማካይ ውጤት ነው። ከሦስት ልጆች ሁለቱ ያህል ከ85 እስከ 115 ባለው መሃል ይወድቃሉ። ደግሞም ማንኛውም ፈተና ስህተት ስላለው፣ 86 በትክክል ሲነበብ «ከ81 እስከ 92 አካባቢ» ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን እንኳ ወንድሜ የፈራውን አይልም።

ዋናው ነገር ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። 86 የተሠራው ከአምስት ዓይነት ችሎታዎች ነው። ቅርጽ አይቶ መገጣጠም 100፣ አዲስ ችግር መፍታት 103፣ የሰሙትን ይዞ በአእምሮ መሥራት 88፣ የሥራ ፍጥነት 86፣ የቃል ግንዛቤ ደግሞ 73። ከላይኛው እስከ ታችኛው 30 ነጥብ ልዩነት አለ። ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ አጠቃላዩ ቁጥር ልጁን አይገልጸውም። አንድ እግሩ ፍል ውሃ፣ አንዱ በረዶ ውስጥ ያለን ሰው «በአማካይ ለብ ብሎታል» እንደማለት ነው።

73 ከየት መጣ? የቃል ክፍሉ «እነዚህ ሁለት ነገሮች በምን ይመሳሰላሉ?» እና «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» እያለ ይጠይቃል። ቤቱ አማርኛ የሚያወራን ልጅ በእንግሊዝኛ ከጠየቃችሁት የምትለኩት እንግሊዝኛውን ነው። ጥሩ ፈታኝ ፈተናው እንዳለቀ የተሳቱትን ጥያቄዎች በአማርኛ መልሶ ይጠይቃል። መልሱ ነጥብ ላይ አይደመርም፤ ምክንያቱም ተተርጉሞ የተጠየቀ ጥያቄ በአሜሪካ ልጆች ሚዛን አይመዘንም። ግን ልጁ ሐሳቡ አልገባው እንደሆነ ወይስ ቋንቋው እንዳገደው ያሳያል። በዚህ ወረቀት ላይ ይህ መደረጉን የሚገልጽ አንድም መስመር የለም።

«እንግዲያው ቃል የሌለበት፣ በሥዕል ብቻ የሆነ ፈተና ይፈተን» የሚሉ አሉ። እንደ ሬቨን ያሉት ፈተናዎች ይረዳሉ፤ ግን ሥዕል የሁሉም አገር ቋንቋ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ዴቪድ ዙሪኤል እና ካውፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ የአንደኛ ክፍል ልጆችን እዚያው ከተወለዱት ጋር አወዳድረዋል። መጀመሪያ ሲፈተኑ የእኛዎቹ ዝቅ ብለው ታዩ። ጥያቄው እንዴት እንደሚታሰብ ለአጭር ጊዜ ካስተማሯቸው በኋላ ግን ልዩነቱ በጣም ጠበበ። የጎደለው ልምድ እንጂ የመማር አቅም አልነበረም።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? መጀመሪያ ዓይንና ጆሮው ተመረመረ፤ ደህና ነው። ቀጥሎ የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ ምንባብ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ሰጠሁት። ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ «ለ»ን ከ«ሉ» እያምታታ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረሳው። ሌላ ተመሳሳይ ምንባብ እኔ ሳነብለት ግን የጠየቅኩትን ሁሉ መለሰ። አስተማሪውም አሥር የሂሳብ ጥያቄዎች እያነበበችለት ስምንቱን አገኘ። ችግሩ ማሰብ ላይ ሳይሆን ማንበብ ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ የሚነበብ ነገር የለም፤ ፈተናው ላይ ግን ሁሉም ይነበባል።

ይህ ብቻውን «ዲስሌክሲያ ነው» ለማለት አይበቃም። አሁን በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ፊደልን ከድምፁ ጋር እያገናኘ ይለማመዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ለውጡ ትንሽ ከሆነ፣ ያኔ ለንባብ ችግር የተለየ ምርመራ ይደረግለታል።

በእኔ እምነት ቤተሰብ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ከምርመራ መውጣት የለበትም። ታናሽ ወንድም ወይም የእህት ልጅ ካላችሁ፣ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ጠይቁ፤ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚፈተነው? ከየትኛው አገር ልጆች ጋር ነው የሚነጻጸረው? የእያንዳንዱ ክፍል ውጤት ከነስህተት ልኩ ይሰጠናል? ንባቡስ አብሮ ይታያል? ለእነዚህ መልስ ከሌለ፣ ገንዘቡ ኪሳችሁ ይቆይ።